ጣሪያህ ምንድን ነው?

ሰቆጣ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ደመወዝ ከወር ወር ስለማያደርስ በዕረፍት ቀኔና በክረምት ሶላር እገጥማለሁ። ሥራው ራሱ አያስቸግርም፤ ፓኔሉን ጣሪያ ላይ ማሰር፣ ገመድ ማውረድ፣ ባትሪውን ማገናኘት፣ ሦስት አራት አምፖል መስቀል ነው። ከባዱ ከሥራው በፊት ያለው ነው። ስልክ ይጠራል፤ የማላውቀው ሰው ወደማላውቀው ቦታ ብቻዬን እንድመጣለት ይጠይቀኛል። ስሄድ ደግሞ የወራት ደመወዜን የሚያህል ዕቃ ተሸክሜ ነው።

ይህን ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሰው ደወለ። ቤቱ ከከተማ ወጣ ያለ መሆኑን ነገረኝና ባትሪውንም ኢንቨርተሩንም አንድ ላይ ይዤ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ እንድመጣለት ለመነኝ። ስንት አምፖል እንደሚፈልግ ጠየቅሁት፤ «አንተ የመሰለህን» አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር ብዬ ስጠይቀው «መጥተህ ታየው የለ» አለኝ። ዋጋ ስነግረው አልተከራከረም። በዚያን ጊዜ ይህ ደስ አለኝ። ዛሬ ዋጋ የማይከራከር የዋግ ሰው ሲያጋጥመኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ ቁጥሩን ደግሜ አያለሁ።

ባጃጅ ተኮናትሬ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ዳር እንገናኝ ተባብለን ነበር፤ ስደርስ ግን «ትንሽ ወደፊት፣ ከድልድዩ» ተባልኩ። ከድልድዩ ስደርስ «ባጃጁን መልሰውና በእግርህ ውረድ፣ ልጅ እልካለሁ» አለ። ባጃጅ ነጂው ዞሮ አየኝ፤ ምንም አላለም። ሞተሩን ግን አላጠፋም። አብሬው ተመለስኩ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልደወለም። መብራቱ ጠፍቶበት የቸኮለ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ ይደውል ነበር። ምን አስቦ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የሥራ ጥያቄዬንና የጥንቃቄ ጥያቄዬን አንድ አደረግኋቸው። አዲስ ደንበኛን «ማን ነህ? መታወቂያህን ላክ» ብዬ አላፋጥጥም፤ ደኅናውን ያስቀይማል፣ ክፉው ደግሞ መልሱን አዘጋጅቶ ነው የሚመጣ። የምጠይቀው ስለ ጣሪያው ነው። ምን ክዳን ነው? የጧት ፀሐይ በየት በኩል ያገኘዋል? ዛፍ ያጠላበታል? ከጣሪያው እስከ ዋናው ክፍል ስንት ክንድ ገመድ ይፈጃል? ቴሌቪዥን አለ ወይስ አምፖልና ስልክ ብቻ? እነዚህን ሳላውቅ ዋጋ መንገር ስለማልችል ጥያቄው ማንንም አያስከፋም። በቤቱ የሚኖር ሰው ግን ሳያስብ ይመልስልኛል። እንዲያውም ያልጠየቅሁትን ይጨምርልኛል፤ ባሕር ዛፉን ባለፈው ዓመት ቆርጠነዋል፣ የኋላው ክፍል ያፈሳል፣ እናቴ ማታ ማታ ትፈትላለች ይላል። ቤት የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ መፍጠር ይቸግረዋል። ቢፈጥርም፣ ሌላ ቀን ደግሜ ስጠይቀው ቆርቆሮው ሣር ይሆናል።

ይህ መፈተኛ ግን ትልቅ ቀዳዳ አለው። ከሰሃላ አንድ ሥራ ሲመጣልኝ ነው ያወቅሁት። የደወለው ልጅ ያለው ሳዑዲ ነው። ለእናቱ መብራት ማስገባት ይፈልጋል፣ ስለ ጣሪያው ግን አንዱንም አያውቅም። ከሀገር ከወጣ በኋላ ቤቱ ተጠግኗል፤ «ቆርቆሮ ሳያደርጉት አልቀሩም» አለ። ዋጋም አልተከራከረም፤ ቶሎ እንዲያልቅለትም ቸኩሎ ነበር። በእኔ መለኪያ ቢሆን ያንን የድልድዩን ሰው ቁርጥ ነው። ከዋግ የወጣ ልጅ ለቤተሰቡ የሚያሠራው ሥራ ብዙ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ሁሉ ብመልስ ሥራዬን መተው ነበረብኝ።

ስለዚህ ከጣሪያው ወደ ሰው ዞርኩ። በሀገራችን ብድር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ዋስ ይጠየቃል፤ የእኔም መንገድ ዋስ ይፈልጋል። ልጁን «እዚያ የሚያውቁህ እነማን ናቸው?» አልኩት፤ አጎቱን ጠራ፣ የአጎቱንም ስልክ ሰጠኝ። በዚያ ስልክ ግን አልደወልኩም። ጠሪው ራሱ የሰጠኝ ቁጥር የሚያደርሰኝ ጠሪው ወደፈለገው ሰው ነው። ከእኔ ጋር ኮሌጅ የተማረና ሰሃላ የሚያስተምር ጓደኛ ስላለኝ፣ ቀድሞም ስልኬ ውስጥ በነበረው ቁጥሩ ደወልኩለት። እሱ እናትዮዋን አያውቃቸውም፤ አጎትየውን የሚያውቅ ተማሪ ግን ነበረው። በሁለተኛው ቀን «ሰዎቹ አሉ፤ ልጁም በእርግጥ ሳዑዲ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ከዚያ ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ አጎቱ ለገበያ ሰቆጣ ሲወጡ ዕቃውን ከገዛሁበት ሱቅ እንድንገናኝ። መጡ። ቀብዱ በሱቁ ፊት ተከፈለ፤ ባለሱቁም አያቸው፣ እሳቸውም ባለሱቁን አዩ። የጣሪያውን ነገር የነገሩኝ እዚያው ቆመን፣ በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ ነው፤ ቆርቆሮው አራት ቅጠል፣ በምሥራቁ በኩል አንድ ግራር። ወደ ሰሃላ የወረድኩት ከእሳቸው ጋር፣ በአንድ መኪና ነው። ባትሪው ሠላሳ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አብሮ የሚሸከም ሰው ማግኘቱም አልከፋኝም።

በሩቅ ሀገር የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። በለንደን የቤት ሽያጭ ቢሮ ትሠራ የነበረች ሱዚ ላምፕሉ የምትባል የ25 ዓመት ወጣት፣ እንደ ፈረንጆቹ ሐምሌ 28 ቀን 1986 ለአንድ ደንበኛ ቤት ላሳይ ብላ ከቢሮ ወጣች። ማስታወሻዋ ላይ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስምና «ሚስተር ኪፐር» የሚል ስም ጽፋ ነበር። አልተመለሰችም፤ አስከሬኗም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ወላጆቿ በስሟ ባቋቋሙት ድርጅት ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎችን ስለ ጥንቃቄ ማስተማር ጀመሩ። እኔን ከዚህ ታሪክ የሚከነክነኝ ልጅቷ ጽፋ መሄዷ ነው። ስሙም፣ ሰዓቱም፣ ቦታውም ተጽፎ ነበር። ባለስሙ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የተጻፈ ስም ዋስ አይሆንም።

አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ፣ በመተግበሪያ የጠራው ተሳፋሪ «ጥሪውን ሰርዘውና በኮንትራት ውሰደኝ» ሲለው እንደማይሰማው ይነግረኛል። ጥሪው ከተሰረዘ ማን ማንን ከየት ወደ የት እንደወሰደ የሚናገር መዝገብ አይኖርም። እኛ ጋ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። በስልክ ያለህበትን ቦታ አሳይ የሚለው ምክርም ብዙ አያስኬድም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ተራው ስልክም የሚሠራው ከኮረብታ ላይ ሲወጡ ነው። ስለዚህ የእኔ መዝገብ ወረቀት ነው፤ የሚጠብቀኝም ሰዓት ነው።

ወረቀቱን ለባለቤቴ ትቼላት እሄዳለሁ። የደንበኛው ስም፣ ቀበሌውና ጎጡ፣ የዋሱ ስም ከነስልኩ፣ የምሄድበት መኪና፣ የምመለስበት ሰዓት ይጻፍበታል። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን የመጨረሻው መስመር ነው፤ ካልተመለስኩ ምን እንደምታደርግ። መጀመሪያ ላይ ይህን አልጽፍም ነበር። አንድ ቀን መኪና ተበላሽቶብኝ አምሽቼ ስገባ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ለማን ልደውል? ለፖሊስ ብደውል ታፍርብኛለህ፣ ብተወው ደግሞ አንተን አጣሁ» አለችኝ። ለካ ሰዓቱን ነግሬ ውሳኔውን ጭንቀት ላይ ጥዬባት ነበር የምሄደው። አሁን ተጽፏል፤ ማታ 12 ሰዓት ካለፈ ለዋሱ፣ 1 ሰዓት ካለፈ ለጓደኛዬ፣ 2 ሰዓት ካለፈ ለቀበሌው ሚሊሻና ለፖሊስ። እኔ ላፍር አላፍር እሷ አትጠየቅም።

ሰዓቱን ስቆርጥ ጠበብ አላደርገውም። በ9 ሰዓት እመለሳለሁ ብዬ ካሰብኩ 12 ብዬ እጽፋለሁ፤ የዚህ ሀገር መንገድ ሦስት ሰዓት መብላት አያቅተውም። በየሳምንቱ በከንቱ የሚያስደነግጥ ሰዓት ካለ፣ በእውነት ያስፈለገ ዕለት የሚሰማው አይኖርም። የሰሃላው ሥራ አዳር ስለነበረው የጻፍኩት በማግስቱ ማታ ነው።

ከባለቤቴ ጋር አንድ ቃልም አለን። ሰው አጠገቤ ሆኖ እንደልቤ መናገር ካልቻልኩ «የፍየሏን ነገር አደራ» እላታለሁ። ፍየል የለንም። እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አላስፈለገኝም፤ እሷ ግን ከማንም ጋር ስናወራ ፍየል ሲነሣ ዞር ብላ ታየኛለች።

ሰሃላ ስንደርስ አጎትየው በቀጥታ ወደ ቤት ሊወስዱኝ ነበር። «አባባ፣ መጀመሪያ ሰው ሰላም እንበል» አልኳቸው። በከተማ ዕቃ ይዞ ሳይታዩ መግባት ይሻላል፤ በገጠር ግን ተቃራኒው ነው። በኽምጣና ሰላምታ ብቻ ነው የማውቀው፣ እሷኑ ይዤ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ሰላም አልኩ፤ ከየት እንደመጣሁ፣ ለማን ምን ልሠራ እንደመጣሁ፣ ነገ በስንት ሰዓት እንደምመለስ ተናገርኩ። ያን ጊዜ የአንድ ቤት እንግዳ መሆኔ ቀርቶ የጎጡ ሁሉ እንግዳ ሆንኩ። ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው እጁም ዓይኑም ሥራ ላይ ነው፤ መሰላሉን የሚይዘው ማን እንደሆነ ካላወቀ መውረዱ በሰው እጅ ነው። የእኔን መሰላል አጎትየው ያዙት፣ ሽማግሌዎቹም አንድ ሁለቱ መጥተው ሲያዩ ዋሉ። ቀሪው ሒሳብ በእጄ አልተከፈለም፤ ልጁ በባለሱቁ በኩል አስገባው። ስለዚህ ስመለስ መፍቻና ሜትር እንጂ ገንዘብ አልያዝኩም፤ ይህንንም ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር።

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ለአንድ ቤት ሦስት ቀን ስልክ፣ አንድ የገበያ ቀን፣ አንድ አዳር ሄደብኝ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ይህን ከትርፉ ቆርጦ ነው የሚከፍለው፣ እኔም ርቀት ላለው ሥራ ዋጋ ላይ እጨምረዋለሁ። ቸኩለው ጥለውኝ የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ ደኅና ሰዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም። አንድ የሥራ ቀን ማጣት ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይካሳል። ጣሪያውን የማይነግረኝ፣ ዋስም የማይጠራልኝ ሰው ጋ ባዶ እጄንም አልሄድም።