ስድስት ምስል ከፋው

የ35 ሚሊሜትር ፊልም ከታጠበ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ስድስት ምስል እየተደረገ ይቆረጣል። አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው የትግራይ ስደተኞች በምሥራቅ ሱዳን፣ ፋው ሰፍረው ሳለ፣ ፎቶ አንሺዎች የሚይዙት ይህንን ፊልም ነበር። እንዲህ ያለ ቁራጭ የመብራት ሣጥን ላይ ተዘርግቷል እንበል። በስድስቱም ምስል አንዲት ሴት ጀሪካን ይዛ በውሃ ቦቴ ፊት ታልፋለች።

ማጉያ መነጽሩ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ሴትዮዋ ሳትሆን የፊልሙ ቅንጣት ነው። ቅንጣቱ ጠርቶ ከታየ መነጽሩ በትክክል ተስተካክሏል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገኘው ብዥታ የራሱ የምስሉ ነው።

ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ነጥብ ይፈለጋል፤ የቦቴው ብሎን ወይም በዓይኗ ላይ ያረፈው ብርሃን። በአንደኛው ምስል ነጥቦቹ ሁሉ፣ የቦቴውም የዓይኗም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትተው አጫጭር መስመር ሆነዋል። ካሜራው ተነቃንቋል። በሁለተኛው ነጥቦቹ ክብ ሆነው ሰፍተዋል፤ ከእግሯ ፊት ያለው ጠጠር ግን ቁልጭ ብሏል። ፎከሱ ወደ ፊት ቀርቷል። ምስሉ ውስጥ አንድም የጠራ ቦታ ሲጠፋ ጥርጣሬዬ ከፎከስ ይልቅ ወደ እጅ ይሄዳል።

በሦስተኛው ቦቴው ጥርት ብሎ ሴትዮዋ ብቻ ተስላለች። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 1.2 ሜትር ትራመዳለች፤ ሸተሩ በ1/60 ሰከንድ ሲዘጋ 2 ሴንቲሜትር ተጉዛለች። ከ6 ሜትር ርቀት በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ይህ ፊልሙ ላይ 0.17 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ስምንት እጥፍ ሲታተም 1.3 ይሆናል። ዓይን አያልፈውም። በ1/250 ቢነሳ ኖሮ ኅትመቱ ላይ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ይደርስ ነበር።

አራተኛው ያሳስታል። ቅርቡ ጠርቷል፤ በስተጀርባ ያሉት ድንኳኖች ግን ጠርዛቸው እዚህ ወዲህ፣ እዚያ ወዲያ ተወላግዷል። ሜዳው በሙቀት ሲግል አየሩ የሚሠራው ነው፤ ሸተር ማፍጠን አያድነውም። አምስተኛው ደግሞ በአቧራ ገርጥቷል፤ ጠርዞቹ ግን አልተነኩም። ብዥታ ብሎ የሚጥለው ሰው ይሳሳታል፤ ኅትመት ላይ ንፅፅሩ ሲጨመር ይመለሳል።

ስድስተኛው በ1/250 ተነስቷል። ዓይኗ ጠርቷል፤ ከጀሪካኑ የሚፈሰው ውሃ ብቻ ትንሽ ተስቧል። እኔ ይህን አስቀድማለሁ፤ የተሳበው ውሃው እንጂ ፊቷ አይደለምና። አምስተኛውን አስከትላለሁ፤ ከዚያ አራተኛውን። የቀሩት ሦስቱ ለትልቅ ኅትመት አይሆኑም፤ ሦስተኛው ግን በጣት ጥፍር መጠን ቢታተም ከስድስተኛው ጋር እኩል ይቆማል፤ ስለዚህ ደረጃ ከመስጠቴ በፊት የኅትመቱን መጠን እጠይቃለሁ።