ግማሽ ገጽ የካሳ ጥያቄ

ሥራዬ የኢንሹራንስ ካሳ ማመልከቻ ማንበብ ነው። መርካቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው አንዲት ወይዘሮ የላኩት ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ግን ከልቤ አስደስቶኛል።

መጀመሪያ የፖሊሲው ቁጥር ሰፍሯል። ቀጥሎ ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ከላይኛው ፎቅ ከፈነዳ ቧንቧ ውሃ ሲወርድ መገኘቱን፣ ውሃው ወዲያው መዘጋቱንና ያልረጠበው ዕቃ መነሳቱን ይገልጻል። በደፈናው «ውሃ ገባ» አለማለታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ውሎች የቧንቧ ፍሳሽንና ጎርፍን ለያይተው ነው የሚያዩት።

ከሁሉ የወደድኩት ከደብዳቤው ጋር የተላኩትን ፎቶዎች ነው። አንዱ ከበሩ ላይ ሆኖ ሱቁን በሙሉ ያሳያል፤ ሌላው ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር። ከዚያ እያንዳንዱ ጣቃ ቀለሙ ከተላለፈበት ጫፉና ከመለያ ወረቀቱ ጋር ለብቻው ተነስቷል። የፎቶው ቁጥርም ከተጎዱት ዕቃዎች ዝርዝር ጋር ይገጥማል፦ ፎቶ 7፣ ተራ ቁጥር 7፣ 40 ሜትር የመጋረጃ ጨርቅ። የተጻፈው ዋጋ የተገዛበት እንጂ የሚሸጥበት አይደለም፤ ደረሰኙም ተያይዟል።

ፎቶ ግን ውሃው ጣቃው ውስጥ ምን ያህል እንደዘለቀ አያሳይም። ወይዘሮዋም ይህን አውቀው የረጠበውን ሳይጥሉ ለይተው አስቀመጡና ገማች እንዲላክላቸው ጠየቁ። ጥለውት ቢሆን ገማቹ የሚያየው ባዶ መደርደሪያ ነበር። አሁን ግን ዝርዝሩን ይዞ ጣቃዎቹን አንድ በአንድ አስፈታ፤ ከመሃል ደረቅ የተገኘውንም ለብቻው ለካ።