የተጠገነ ሠንጠረዥ ሲፈተሽ

ከፒዲኤፍ ተቀድቶ ኤክሴል ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ተስተካክሎ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው ጥሬውን ነው። ጎበዝ ሠራተኛ እንደተለጠፈ የመጣውን ሳይነካ በአንድ ሺት ላይ ያስቀምጥና ጥገናውን በሌላ ሺት ይሠራል። ጥሬው ከሌለ አንድ ረድፍ ቢጎድል የት እንደጠፋ ማወቅ አይቻልም። የቀለሙና የመስመሩ ማማር ምንም አይነግረኝም፤ እንዲያውም በጣም የተቆነጃጀ ሠንጠረዥ ያስጠረጥረኛል።

ለምሳሌ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራን እንውሰድ። የአገሪቱ ጠቅላላ ድምር 73,750,932 ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ከ12 ረድፎች ነው፤ 11ዱ በጊዜው የነበሩት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ሲሆኑ፣ 12ኛው በልዩ ቆጠራ የተመዘገቡት 96,754 ሰዎች ናቸው። ሠንጠረዡ ሁለት ገጽ ላይ አርፎ ረጅሙ ስም በገጹ ድንበር ላይ ቢሰበር፣ ስንለጥፈው እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

```
ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና
                 14
ክልል             ሕዝብ
ሕዝቦች            14,929,548
```

የአንዱ ስም ሁለት ግማሾች መካከል የገጽ ቁጥርና የተደገመ የዓምድ ርዕስ ገብቷል። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የገጽ ቁጥሩና ርዕሱ ይወጣሉ፤ የተሰበረው ሴል የሚጋጠመው ከዚያ በኋላ ነው። መግጠሙን ያስቀደመ ሰው «ብሔረሰቦችና»ን ከ«ክልል» ጋር አጣብቆ ቁጭ ይላል።

ርዕስ መሰረዝም ቢሆን በጭፍን አይሆንም። የሁለተኛው ገጽ ርዕስ የመጀመሪያውን የሚመስል ግን ያልሆነ ሊሆን ይችላል፦ እዚያ «ጠቅላላ» የነበረው ዓምድ እዚህ «ከተማ» ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ርዕሶቹን ጎን ለጎን ሳያነጻጽር የሰረዘ ሰው የከተማውን ቁጥር ከጠቅላላው ሥር ደርድሮ ያስረክባችኋል፤ ሠንጠረዡም ሲታይ እንከን አይወጣለትም። ጠንቃቃው ግን ርዕሱ የተለየ ሆኖ ካገኘው ከመሰረዙ በፊት መረጃውን ወደ አዲስ ዓምድ ያሻግረዋል።

ሴል መግጠም ላይ ብዙ ሰው የሚይዘው ደንብ «ቁጥር የሌለው ረድፍ ከላይኛው ጋር ይጋጠም» የሚል ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ይህ አይሠራም፤ ቁጥሩ የተቀመጠው ከስሙ ሁለተኛ መስመር ጎን ነውና፣ የደቡብ መጀመሪያ መስመር ከላዩ ካለው ክልል ስም ጋር ይለጠፋል። የክፍል ርዕስ የሆነ ረድፍም ቁጥር የለውም፤ እሱ ከማንም ጋር መጋጠም የለበትም። ሌላው ወጥመድ ሰረዝ ነው። መስመር ሲቆረጥ የሚገባውን ሰረዝ በጅምላ ያጠፋ ሰው የቤኒሻንጉል-ጉሙዝንም ሰረዝ አብሮ ያጠፋዋል፤ ያ ሰረዝ ግን በመስመር መቆረጥ የመጣ አይደለም።

ከዚያ ወደ ቁጥሮቹ። ረድፎቹ ከ2 እስከ 13፣ የታተመው ድምር ደግሞ 14ኛው ረድፍ ላይ ካሉ እነዚህን ሁለት ቀመሮች አስገባለሁ፤ ረድፎቹ ካነሱ ወይም ከበዙ በቀመሮቹ ውስጥ ያሉትን የረድፍ ቁጥሮች በዚያው ልክ እለውጣለሁ፦

```
=COUNT(B2:B13)
=SUM(B2:B13)-B14
```

የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 0 መስጠት አለበት። መልሱ ሌላ ከሆነ ልዩነቱ ራሱ ጥፋቱን ይናገራል። በ96,754 ከጎደለ የልዩ ቆጠራው ረድፍ ክልል አይደለም ተብሎ ከርዕሶቹ ጋር ተጠርጓል ማለት ነው። በ14,929,548 ጎድሎ ቁጥሩ ግን በዓይን የሚታይ ከሆነ፣ ከቁጥሩ ጋር የማይታይ ክፍት ቦታ ተለጥፎ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ቆጥሮታል፤ `SUM` ደግሞ እንዲህ ያለውን ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። `COUNT` 13 ብሎ ድምሩ በ14 ከበለጠስ? የገጽ ቁጥሩ እንደ ሕዝብ ተደምሯል።

ይሁንና 0 መገኘቱ ብቻ አያጠግበኝም። የሐረሪ 183,415 ከድሬዳዋ ስም ጎን፣ የድሬዳዋ 341,834 ደግሞ ከሐረሪ ስም ጎን ቢቀመጡ ድምሩ አንድም አይዛነፍም። የወንድና የሴት ዓምዶች ቢኖሩም አይረዱም፤ ረድፉ እንዳለ ስለሚንሸራተት እነሱም እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ይህን የሚይዘው ዓይን ብቻ ነው። ሁሉን ረድፍ ማንበብ አያስፈልግም፦ የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻና የመጀመሪያ ረድፎች፣ ደግሞም የተጋጠመውን ስም ሁሉ ከነላዩና ከነታችኛው፣ ከፒዲኤፉ ጋር ማስተያየት ይበቃል። የስም መንሸራተት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስለዚህ የተጠገነ ሠንጠረዥ ስትረከቡ የትኞቹ ረድፎች እንደተጋጠሙ የሚያሳይ ምልክት ያለበት ዓምድና የመጡበት የገጽ ቁጥር አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።