“ሌሊት አይወርድም” የሚለው ሪፖርት፦ ግፊቱ ነው ወይስ ሰዓቱ?

አክስቴ የ24 ሰዓት የደም ግፊት መለኪያ ካሰረች ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ገጽ ሪፖርት ይዛ ቤት መጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ “ልጄ፣ እስቲ ይህን እየው። ግፊትሽ ሌሊት አይወርድም አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም” አለችኝ። ጠዋት የምትወስደውን ኪኒን ወደ ማታ እንድታዞረውም ተነግሯት ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማጠናው ከሰውነት ላይ የሚለቀሙ ምልክቶችን እንዴት እንደምንለካና እንደምናነብ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ሕክምናውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ማሽኑ ሥራውን በደንብ ሠርቶ ነበር፤ የተሳሳተው ልኬቶቹን ወደ አንድ ቃል የጨመቀው ሪፖርት ነው። እንዴት እንደሆነ አብረን በቁጥር እንየው።

“ዲፐር” ማለት ምን ማለት ነው?

ጤናማ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህን መውረድ የሚለካው ስሌት ቀላል ነው፦ የቀኑን አማካይ ትወስዳላችሁ፣ የሌሊቱን ትቀንሱበታላችሁ፣ ልዩነቱን ለቀኑ አማካይ ታካፍሉና በ100 ታባዛላችሁ። መልሱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ከሆነ ሰውየው “ዲፐር” ይባላል፤ ግፊቱ በወጉ ይወርዳል ማለት ነው። ከ10 በታች ከሆነ “ኖን-ዲፐር” ነው። ሌሊት ከቀን ከበለጠ ደግሞ ግፊቱ ተገላቢጦሽ እየወጣ ነው። ስያሜው የመጣው ኦኢን ኦብራየንና ባልደረቦቹ በ1988 ላንሴት ላይ ካወጡት አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ እነሱም ግፊታቸው ሌሊት የማይወርድ ሰዎች ላይ ስትሮክ በብዛት እንደሚታይ ነበር ያመለከቱት።

ስለዚህ ነገሩ ተራ አይደለም። ሌሊት የማይወርድ ግፊት ከኩላሊት ሕመም፣ ከስኳር፣ በእንቅልፍ መሀል ትንፋሽ ከሚቋረጥበት ችግር ጋር አብሮ ይገኛል። አክስቴም መደንገጧ ትክክል ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፦ ስሌቱ ውስጥ የገባው “ሌሊት” የማን ሌሊት ነው?

የሶፍትዌሩ ሌሊትና የአክስቴ ሌሊት

የእሷ ሪፖርት ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል “ሌሊት፦ 22:00 – 06:00” ይላል። ይህ ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዞት የመጣው ነው፤ ማንም አልነካውም። አክስቴ ግን በዚያን ሰሞን ጾም ስለነበር ኪዳን ለማድረስ በሌሊት ትነሳ ነበር። በተሰጣት ማስታወሻ ላይ በእጇ “ተኛሁ 5 ሰዓት፣ ተነሳሁ 10 ሰዓት” ብላ ጽፋለች። እናንተ ይህን ስታነቡ ወዲያው ይገባችኋል፤ ከምሽቱ 5 እስከ ከሌሊቱ 10 ማለት ነው። በማሽኑ ሰዓት 23:00 እና 04:00 መሆኑ ነው። እንዳለ ተወስዶ 5:00 እና 10:00 ተብሎ ቢገባ ኖሮ ደግሞ ጠዋቷ ሁሉ እንቅልፍ ሆኖ ይቆጠር ነበር። የሷን ማስታወሻ ግን ያየውም ያስገባውም አልነበረም።

አሁን የላይኛውን ግፊት እንይ። ማሽኑ ከ22:00 እስከ 06:00 በየግማሽ ሰዓቱ ነፍቷል። አክስቴ ገና ሳትተኛ 136፣ 134 እና 128 አነበበ። ከ23:30 እስከ 03:30፣ ተኝታ ሳለች፣ 118፣ 114፣ 112፣ 110፣ 112፣ 111፣ 113 እና 116። መሀል ላይ የ02:00ው ልኬት ከሽፏል፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ እንዲህ ይሆናል። ከ04:00 በኋላ ተነስታ፣ ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ 132፣ 140፣ 138 እና 136። ማሽኑ ቆማ ኪዳን ስታደርስ ሁሉ ሲነፋ እንደነበር ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች።

ሶፍትዌሩ እነዚህን 15 ቁጥሮች በሙሉ ደመረና 123 የሚል አማካይ አወጣ። የቀኑ አማካይ 134 ነበር። ልዩነቱ 8 በመቶ፤ “ኖን-ዲፐር”።

እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ነቅታ የተለኩትን ሰባት ቁጥሮች ወደ ቀኑ መለስኳቸው። የቀኑ አማካይ ያው 134 ሆኖ ቀረ፤ የእንቅልፉ አማካይ ግን 113 ሆነ። መውረዱ ከ8 ወደ 15.7 በመቶ ተቀየረ። አንድም ልኬት አልጨመርኩም፣ አንድም አልሰረዝኩም። ያው ሰው፣ ያው ሌሊት፣ ያው ማሽን፤ የተቀየረው አጥሩ የት እንደተተከለ ብቻ ነው።

የመስኩ መመሪያዎችም ይህን አይቃወሙም። ቀንና ሌሊት በተቻለ መጠን በታካሚው ማስታወሻ እንዲለይ ይመክራሉ፤ ቢያንስ 20 የቀንና 7 የሌሊት ትክክለኛ ልኬትም ይጠይቃሉ። አክስቴ በእንቅልፍ የቀራት 8 ነው፤ ለጥቂት አልፋለች። አምስት ሰዓት ለሚተኛ ሰው አንድ ሁለት ልኬት ቢከሽፍ ስለ ሌሊቱ መፍረድ አይቻልም ነበር። ሪፖርቱ ግን ይህንንም አይናገርም፤ በቀይ የተጻፈችውን ቃል ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሰዓቱ ቢስተካከልስ?

እዚህ ላይ ብንቆም ጥፋቱ ሁሉ የሰዓት ይመስላል። ሁለተኛው ቅሬታዬ ግን ቃሉ ራሱ ላይ ነው፤ መቶኛ ንጽጽር እንጂ መጠን አይደለም። ሁለት ሰዎች አስቡ። አንደኛው ቀን 152፣ ሌሊት 134 ነው፤ 12 በመቶ ገደማ ወርዷል፣ “ዲፐር” ተብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሁለተኛዋ ቀን 120፣ ሌሊት 110 ናት፤ የወረደላት 8 በመቶ ነው፣ “ኖን-ዲፐር” ተብላ ትጨነቃለች። የሌሊት አማካይ ከፍ ብሏል የሚባለው የላይኛው 120፣ ወይም የታችኛው 70 ሲደርስ ነው። እንግዲህ ሌሊቱን በሙሉ ልቡና ደም ሥሩ በከፍተኛ ግፊት ሲሠሩ ያደሩት የቱ ነው? የተደሰተው ሰው።

ስለዚህ ሪፖርት ስትቀበሉ መጀመሪያ የሌሊቱን አማካይ ራሱን ፈልጉ፤ መቶኛው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። የአክስቴ 113 ከ120 በታች ነው።

ይህን 113 ግን እንደ ድንጋይ አትያዙት። ክንድ ላይ የተጠመጠመው ማሰሪያ ከልብ ከፍታ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ በደሙ ክብደት ብቻ ንባቡ በ8 ገደማ ዝቅ ይላል። በቀኝ ጎኑ የተኛ ሰው ግራ ክንዱ ላይ ማሽን ካሰረ፣ ክንዱ ከልቡ በላይ ነው የሚያድረው። ይህን በቁጥሩ ውስጥ የምታውቁበት መንገድ አለ። ሰውየው ሲገላበጥ የላይኛውና የታችኛው ግፊት በአንድ ጊዜ፣ በእኩል መጠን ዘለው ይወርዳሉ፤ የልብ ምቱ ግን ባለበት ነው። ለምሳሌ 122 በ74 የነበረው ድንገት 112 በ64 ሆኖ፣ ምቱ በ66 ከረጋ፣ የወረደው ግፊቱ ሳይሆን የክንዱ ቦታ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ የሚያወርደው ግፊት ግን ቀስ እያለ ይመጣል፤ ምቱንም አብሮ ያዘገየዋል። የአክስቴን ዝርዝር በዚህ ዐይን አየሁት፤ 118፣ 114፣ 112 እያለ ወረደ፣ የልብ ምቷም ከ78 ወደ 64 አብሮ ወረደ።

በዚህ ላይ የአንድ ሌሊት ነገር ነው። ያው ሰው በሌላ ሳምንት ደግሞ ቢለካ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በተለይ በ10 በመቶው ድንበር አካባቢ ያለ ሰው። ማሽኑ ሲነፋ የሚባንን ሰው ሌሊቱ የሌላ ጊዜ ሌሊቱን አይመስልም። የቀኑ 134 ለሆነ ሰው ድንበሩ 120.6 ላይ ነው፤ ሁለት ነጥብ ወዲህ ወይም ወዲያ ስሙን ይቀይርለታል።

ከቃሉ ወደ ኪኒኑ

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ያልሆነው ቃሉ መድኃኒት ስለሚያንቀሳቅስ ነው። ኪኒንን ወደ ማታ የማዞር ምክር ጉልበት ያገኘው በ2019 ከወጣው ሃይጂያ ከተባለው የስፔን ጥናት ነው። ጥናቱ መድኃኒታቸውን ማታ የወሰዱት ላይ የልብና የደም ሥር አደጋ በግማሽ ገደማ ቀንሷል ብሎ ነበር። ውጤቱ ከመጠን በላይ የሚያምር ስለነበር ብዙ ተመራማሪዎች በአሠራሩ ላይ ጥያቄ አነሱ። ከዚያ በ2022 ታይም የተባለው የብሪታንያ ጥናት ላንሴት ላይ ወጣ፤ 21,104 ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሎ በጠዋትና በማታ ወሳጆች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ታይም ተሳታፊዎቹን ሌሊት አይወርድላቸውም ብሎ አልመረጠም፤ ስለዚህ እውነተኛ ኖን-ዲፐር ለሆነ ሰው የመጨረሻ መልስ አይደለም። በተሳሳተ ሰዓት ለተሰየመ ሰው ግን መድኃኒት ለማዞር ምክንያቱ ከሥሩ ይጠፋል።

አክስቴ ኪኒኗን በራሷ ፈቃድ አላዞረችም፤ እኔም አዙሪ ወይም ተዪ አላልኳትም። ከሪፖርቱ ጋር የሚወጣውን የዝርዝር ንባብ ገጽ ጠይቃ እንድትቀበል፣ ማስታወሻዋን በሁለቱም ሰዓት ጽፋ ወደ ሐኪሟ እንድትመለስ ነው የነገርኳት። ሐኪሟ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አየች፣ የሶፍትዌሩን ሰዓት አስቀየረችና ሪፖርቱን እንደገና አተመች። ቀይዋ ቃል የለችም። የቀኑ 134 ግን እዚያው አለ፤ ለቀን ከተቀመጠው የ135 ድንበር በአንድ ነጥብ ብቻ ዝቅ ብሎ። ሐኪሟም ከዚያ በኋላ ያወሩት ስለ እሱ ነው።

እናንተም ማሽኑን ካሰራችሁ፣ የተኛችሁበትንና የተነሳችሁበትን ሰዓት “ማታ” ወይም “ሌሊት” ብላችሁ ጻፉ። ሪፖርቱ ሲመጣም ቀይ ቃሏን ከማንበባችሁ በፊት ግርጌው ላይ ያለውን ሰዓት ተመልከቱ።