ስለ መልስ አጻጻፍ መመሪያ የቀረበ አስተያየት

በአንድ ጽሕፈት ቤት ለደብዳቤ መልስ የሚሰጡ ጸሐፊዎች እንዲከተሏት የተዘጋጀች አጭር መመሪያ በእጃችን ገብታ አነበብናት። መመሪያዪቱ ገጹን በሁለት ትከፍላለች። በአንደኛው በኩል «የይፋ መልስ» ብላ እርስዎን፣ በሌላው በኩል «የወዳጅነት መልስ» ብላ አንተንና አንቺን ታስቀምጣለች። አሳቡ በጎ ነው፤ ነገር ግን አከፋፈሉ ራሱ የተሳሳተ ስለ መሰለን ምክንያታችንን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ስሕተቱ የሚያስከትለውን ነገር በዚህችው መመሪያ ተመርቶ ከተጻፈ አንድ መልስ መረዳት ይቻላል። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ስለ ወንድ ልጃቸው የፈተና ውጤት ጠይቀው ነበር። ጸሐፊው እንዲህ ሲል መለሰላቸው፤ «የጻፉልን ደብዳቤ ደርሶናል። ጥያቄሽን ተመልክተናል። ልጅዎ ፈተናውን አልፈዋል። የምስክር ወረቀቱን እንሰጥሻለንና ሰኞ ጠዋት ይምጡ።» ጸሐፊው እኚህን እናት ለመናቅ አላሰበም፤ የይፋውን ዐረፍተ ነገር ከአንዱ ወገን፣ ለስለስ ያለውን ከሌላው ወገን ገልብጦ አጋጠማቸው እንጂ። ይሁን እንጂ «ጥያቄሽን» የሚለው ቃል ሲነበብላቸው በጆሯቸው የሚገባው ወዳጅነት ሳይሆን ድፍረት ነው።

በዚህ መልስ ውስጥ «እርስዎ» ወይም «አንቺ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተጻፈ አንባቢ ያስተውል። በአማርኛ ተውላጠ ስሙ ብዙ ጊዜ ስለሚቀር፣ አክብሮቱ የሚታወቀው በሌላ ስፍራ ነው። በግሡ ባለቤት ላይ «ጻፉ» ወይም «ጻፍሽ»፣ በትእዛዙ ላይ «ይምጡ» ወይም «ነዪ»፣ በባለቤትነት ምልክቱ ላይ «ጥያቄዎ» ወይም «ጥያቄሽ»፣ በተሳቢው ላይ «እንሰጥዎታለን» ወይም «እንሰጥሻለን» እንላለን። ስለዚህ ተውላጠ ስሞችን ብቻ የሚዘረዝር መመሪያ ጸሐፊውን ከስሕተት አያድነውም። መልሱ ከመላኩ በፊት እነዚህን አራት ስፍራዎች በእርሳስ እያሰመሩ ማንበብ ግን ያድነዋል፤ አንዱ መሥመር ከሌሎቹ ከተለየ ወዲያው ይታያል።

ሁለተኛው ጉድለት አክብሮቱ ከተገቢው ሰው አልፎ መሄዱ ነው። «ልጅዎ አልፈዋል» ሲባል ለእናቲቱ የተሰጠው ክብር ለልጁም ተረፈ፤ ትክክሉ «አልፏል» ነው። በተጨማሪም የእርስዎ ግሥ ከእነርሱ ግሥ ጋር አንድ ዐይነት ስለ ሆነ አሳብ ያምታታል። «መምህራኑ ሲመጡ ይጠይቁ» ብንል፣ የሚጠይቁት መምህራኑ ናቸው ወይስ ደብዳቤው የተላከላቸው ሰው? እንዲህ ባለው ስፍራ የቀረውን ተውላጠ ስም መመለስና «መምህራኑ ሲመጡ እርስዎ ይጠይቋቸው» ማለት ያስፈልጋል።

ዋናው አሳባችን ግን ይህ ነው። አክብሮትና ወዳጅነት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። እርስዎ ወይም አንተ ማለትን የሚወስነው የተቀባዩ ዕድሜና የእኛ ትውውቅ ነው፤ ይፋነትን ወይም ወዳጅነትን የሚወስነው ደግሞ ጉዳዩ ነው። ለእኚሁ እናት በይፋ ስንጽፍ፣ «ደብዳቤዎ ደርሶናል። ልጅዎ ፈተናውን ስላለፈ የምስክር ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት መጥተው እንዲወስዱ እናስታውቃለን» እንላለን። በወዳጅነት ስንጽፍ፣ «እንደምን ሰነበቱ። ስለ ልጅዎ መጨነቅዎን ከደብዳቤዎ ተረድተናል። እንኳን ደስ ያለዎት፤ ፈተናውን አልፏል። የምስክር ወረቀቱን እንሰጥዎታለንና ሰኞ ጠዋት ብቅ ይበሉ» እንላለን። ሁለተኛው መልስ ሞቅ ያለው በሰላምታው፣ ጭንቀታቸውን በመጥቀሱና በ«ብቅ ይበሉ» ነው፤ ከአክብሮቱ ግን አንዲት ፊደል እንኳ አልቀነሰም።

አንተና አንቺ ለሚቀርቡን እኩዮች ይገባሉ። ነገር ግን ጾታን ስለሚለዩ፣ ደስታ ተብሎ ለተፈረመ ደብዳቤ መልስ የሚሰጥ ጸሐፊ ወንድ ይሁን ሴት ሳያውቅ ሊጠቀምባቸው አይችልም። እርስዎ ጾታ ስለማይለይ ከዚህ ችግር ያወጣዋል። «አንቱ» ማለት በተለመደበት አገር ለሚኖር ሽማግሌም ቢሆን ግሡ ያው «ይምጡ» ስለ ሆነ፣ ተውላጠ ስሙን ትቶ በግሡ ብቻ መጻፍ ሁሉንም ያስማማል።

እንግዲህ መመሪያዪቱ ስትታረም በሁለት ወገን መከፈሏ ቀርቶ በሁለት ጥያቄ ብትጀምር መልካም ይመስለናል፤ በመጀመሪያ «የምጽፈው ለማን ነው?» ቀጥሎም «ስለ ምን?» የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ጊዜ ከተመለሰ፣ እስከ ፊርማው ድረስ መለወጥ የለበትም።