«ስንት ትጠብቂያለሽ?»

ደሴ ውስጥ በቅጥር ኮሚቴ በተቀመጥኩባቸው ዓመታት ከኩታበር የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኝ ነበር። ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ቃል አያጥራቸውም። የደመወዝ ጥያቄ ሲመጣ ግን አቀርቅረው «ድርጅቱ እንዳለው» ይላሉ። ለእነሱ ጨዋነት ነው፤ እኛ ግን «ከመነሻው ጀምሩለት» ብለን እንጽፈው ነበር።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ግን ይሉኝታ አልያዛትም። «ሃያ ሺ» አለች፤ ሃያ ሺ ብለን ጻፍን። ወር ሲሞላ እጇ የገባው 13,650 ብር ነበር። እሷ የተጣራውን ስትናገር እኛ ያልተጣራውን ሰምተናል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ከ20,000 ብር ላይ 4,950 ብር ግብር ይቆረጣል፤ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 1,400 ብር ነው። ሃያ ሺ ብር ይዛ ቤቷ ለመግባት 31,000 ገደማ መጠየቅ ነበረባት። እኔም «ከግብር በፊት ነው?» ብዬ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ አሁን ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ቁጥሩ ከቃለ መጠይቁ በፊት ይሠራ እላለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ለተመሳሳይ ሥራ ደመወዙን ስለሚጽፍ እሱን መነሻ ማድረግ ይቻላል። የግል ድርጅትና የእርዳታ ድርጅት ብዙ ጊዜ «በስምምነት» ብለው ስለሚያልፉት ሰው መጠየቅ ግድ ነው። «ስንት ታገኛለህ?» የሚለው ሰውን ያሳፍራል። «ዛሬ በዚህ ቦታ አዲስ ሰው ቢቀጠር ከስንት እስከ ስንት ይሰጡታል?» ቢባል ግን ሰው ይመልሳል። ሦስት ሰው ጠይቁ፤ ያልተጣራ መሆኑንና አበሉ ውስጡ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። የአዲስ አበባን ቁጥር ለደሴ አትውሰዱ። በሌላ በኩል ከኩታበር መመላለስ ወይም ደሴ ቤት መከራየት የሚያስወጣውን አስቡ።

ጥያቄው ሲመጣ አስቀድሞ «ለቦታው የተያዘው በጀት ከስንት እስከ ስንት ነው?» ማለት ነውር የለውም። በፕሮጀክት ገንዘብ የሚከፈል ቦታ ጣሪያው አስቀድሞ በበጀቱ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ይነግሯችኋል። ካልነገሯችሁ ለምሳሌ «ያልተጣራ ከ31 እስከ 35 ሺ» በሉ። ኮሚቴ የሚይዘው ታችኛውን ቁጥር ነውና፣ በእሱ ለመሥራት ካልፈቀዳችሁ አፋችሁ ላይ አይምጣ። የቀድሞ ደመወዛችሁን ግን አታጋንኑ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ብዙ ጊዜ ይጻፋል።

ደመወዙ በእርከን የተቆረጠ ከሆነ ክርክሩ ብዙም አይገፋም። ያኔ የሚጠየቀው የትኛው እርከን ላይ እንደምትመደቡና የቤትና የትራንስፖርት አበል መኖሩ ነው። ያች የሒሳብ ባለሙያ በኋላ ለሌላ ቦታ ስትወዳደር ከአፏ መጀመሪያ የወጣው ቃል «ያልተጣራ» የሚለው ነበር።