ሁለቱ የኦዲተር ቁጥሮች

ኦዲተሮች ደረሰኝ ማገላበጥ ሳይጀምሩ የሚወስኑት ቁጥር አለ፤ የዕቅድ ማቴሪያሊቲ። ባለአክሲዮኑን ወይም አበዳሪ ባንኩን ውሳኔ ሊያስቀይር የሚችል ስህተት ከስንት ብር እንደሚጀምር ያመለክታል።

ከግብር በፊት 40 ሚሊዮን ብር ያተረፈ የብስኩት ፋብሪካ አለ እንበል። ለአምራች ድርጅት በተለምዶ ከትርፉ 5 በመቶ ስለሚያዝ ቁጥሩ 2 ሚሊዮን ይሆናል። ትርፉ በየዓመቱ የሚዋዥቅ ቢሆን ኖሮ ኦዲተሩ ሽያጩን መነሻ ያደርግ ነበር።

ብልሃቱ ያለው ግን ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው። የመጋዘኑ ዕቃ በ1.2 ሚሊዮን፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበው ሒሳብ ደግሞ በ900 ሺህ ብር ተጋንነው ቢመዘገቡ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ከ2 ሚሊዮን በታች ናቸው። ድምራቸው ግን 2.1 ሚሊዮን ነው! በ2 ሚሊዮን ወንፊት ብቻ የሚፈትሽ ኦዲተር ሁለቱንም ሊያሳልፋቸው ይችላል። በናሙና የሚሠራ ሰው ደግሞ ዓይኑ ያላረፈባቸው ስህተቶች እንደሚኖሩ ያውቃል። ስለዚህ ፐርፎርማንስ ማቴሪያሊቲ የሚባል ዝቅ ያለ ቁጥር ይይዛል፤ ናሙናው የሚሰፋውም የሚጠበውም በዚህኛው ነው።

ምን ያህል ዝቅ ይበል? ዓለም አቀፉ የኦዲት ስታንዳርድ፣ አይኤስኤ 320፣ መቶኛ አልቆረጠም፤ ደግ አድርጓል፣ ፋብሪካና ፋብሪካ አይመሳሰሉምና። ብዙዎች ከ50 እስከ 75 በመቶ ይጠቀማሉ። ደንበኛው የቆየ፣ ቁጥጥሩም ጠንካራ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ያስኬዳል። አዲስ ከሆነ ወይም አምና ብዙ ማስተካከያ ከተደረገበት ወደ 1 ሚሊዮን ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሳይታረሙ የቀሩ ስህተቶች ተደምረው የሚመዘኑት ግን በ2 ሚሊዮኑ ነው።